ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ስም

«እስቲ ይህን ፎቶ እዩልኝ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የበግ የትል መድኃኒት ነው። ሜቤንዳዞል ይላል። ይሄ እኛም ስንት ጊዜ የወሰድነው አይደል? ባለቤቴን ሆዷን እያመማት ነው፤ ትንሽ ብትወስድ ምን ችግር አለው?»

አይስጧት። ትንሽም ቢሆን አይስጧት።

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ጠርሙሱ ክብ ነው፤ ካሜራው ያየው ፊቱን ብቻ ነው። «ሜቤንዳዞል 75 ሚሊ ግራም» የሚለው በግልጽ ይነበባል። ከሱ በታች ሌላ መስመር አለ፤ እሱን ግን ጠርሙሱን የያዙበት አውራ ጣት ሸፍኖታል። እኔን ያስጨነቀኝ ያ መስመር ነው።

ለበግ በአፍ የሚሰጥ፣ የታወቀ የትል መድኃኒት አለ። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል እና 50 ሚሊ ግራም ክሎሳንቴል ይይዛል። ሜቤንዳዞል የሆድ ትሎችን ይመታል። ክሎሳንቴል ደግሞ የጉበት ትልንና ደም የሚመጥጡ ትሎችን ይገድላል። ለበግ ጥሩ ጥምረት ነው። የእርስዎ ጠርሙስ ይሄው ነው ብዬ ከፎቶው ብቻ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም።

ክሎሳንቴል ለሰው ሕክምና ተፈቅዶ አያውቅም። ትሉን የሚገድለው ሴሎቹ ኃይል የሚያመርቱበትን መንገድ በማበላሸት ነው። ሰው ሲውጠው ደግሞ ጉዳቱ የሚበረታው ዓይን ላይ ነው፤ የዓይናችንን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ይጎዳል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ማርከሻ የለውም። ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ቶሎ አይወጣም። በጎች ራሳቸው ከተገቢው መጠን በላይ ሲሰጣቸው ይታወራሉ።

«እሺ፣ በጣም ትንሽ ብሰጣትስ?» ብለው እንደሚያስቡ ይገባኛል። እስቲ አብረን እናስላው። ጠንቃቃ ሰው ነዎት እንበል። ለሰው በተለምዶ ከሚሰጡት የሜቤንዳዞል መጠኖች አንዱ 100 ሚሊ ግራም መሆኑን ያውቃሉ። በመርፌ ሲሪንጅ ለክተው 1.3 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዱ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 100 ሚሊ ግራም ገደማ ሜቤንዳዞል አግኝተዋል። ግን በዚያው ሲሪንጅ ውስጥ 65 ሚሊ ግራም ክሎሳንቴል አብሮ ገባ። እሱን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ለሰው የተወሰነ መጠን ስለሌለው «እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም» የሚል ቁጥር ሊሰጥዎ የሚችል ሐኪምም ሆነ ፋርማሲስት የለም።

ጥንቃቄ የጎደለው ሰው ደግሞ በበጉ ልክ ያሰላል። ለበግ ለየ5 ኪሎው 1 ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው። ባለቤትዎ 60 ኪሎ ብትሆን 12 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ማለት 600 ሚሊ ግራም ክሎሳንቴል በአንድ ጉርሻ ማለት ነው።

ይህ የኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሊቱዌኒያ 11 ሴቶች ለማህፀን ሕመም መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሁሉም ለጊዜው ማየት ተሳናቸው። የተሰጣቸው ክሎሳንቴል ነበር። መድኃኒቱ በእርዳታ የመጣ ነው፤ መግለጫ ወረቀት አልነበረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት እርዳታ ባወጣው መመሪያ ይህን ታሪክ በምሳሌነት ጠቅሶታል። እኔ ከዚህ ታሪክ የማልረሳው አንድ ነገር ነው። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሞከሩት ስሙን በሌሎች መድኃኒቶች ወረቀት ላይ ካለው ስም ጋር በማመሳሰል ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ሐኪሞች ናቸው። መድኃኒቱም እጃቸው ላይ ነበር። ስም አይቶ ማመሳሰል እነሱን ካሳሳተ፣ በስልክ የተነሳ የግማሽ ጠርሙስ ፎቶ አይተን «አዎ፣ እሱ እኮ ያው ነው» የምንል ሰዎች ምን ዋስትና አለን? ስለዚህ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲላክላችሁ ፈጥናችሁ መጠን የምትነግሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። በጎ ሐሳብ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን የምታዩት ስሙን ነው፤ የምትጠጣው ሴት ግን የምትጠጣው ስሙን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው።

የሚነሳውን ክርክርም አውቀዋለሁ። «ንጥረ ነገሩ አንድ ነው፤ ሰውም እንስሳም ይወስደዋል።» እውነት ነው፤ ሜቤንዳዞል፣ አልቤንዳዞል፣ አይቨርሜክቲን ለሰውም ለእንስሳም አሉ። ነገር ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገሩ ብቻ አይደለም። ጓደኛ መድኃኒት ሊኖር ይችላል፣ ማሟሚያ ፈሳሽ አለ፣ ለትልቅ ከብት የተሰላ ጥንካሬ አለ። ለሰው በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ለከብት የሚሠራው አንዱ ፍሬ ደግሞ 2500 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። ፎቶ ላይ ሁለቱም «አልቤንዳዞል» ናቸው።

ጠርሙሱን አሁን አንስተው ዙሪያውን ያንብቡ። አንድ የማይዋሽ ምልክት አለ፤ መድኃኒቱን የወሰደ እንስሳ ስጋው ወይም ወተቱ ለስንት ቀን ለምግብ እንደማይውል የሚናገረው መስመር ነው። ይህ መስመር ያለበት ነገር ሁሉ የእንስሳ ነው። ክሎሳንቴል ያለበት ከሆነ ደግሞ ቀኖቹ ብዙ ናቸው፣ ሳምንታት ይሆናሉ። የበጉን ስጋ እንኳ ለሳምንታት አትብሉ የተባለበትን መድኃኒት በቀጥታ ከጠርሙሱ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። መለያ ወረቀቱ ከወደቀ ወይም መድኃኒቱ ወደ ውኃ ጠርሙስ ከተገለበጠ ግን ፎቶ አያስፈልገውም፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም።

ፎቶው ከመላኩ በፊት ቀምሳው ከሆነ ደግሞ፣ አሁን ደህና ነኝ ብትልም ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። አያስመልሷት። ጠርሙሱን ራሱን ይዘው ይሂዱ። መቼና ስንት እንደወሰደች ይንገሩ። ይህን አጥብቄ የምለው የክሎሳንቴል ጉዳት ወዲያው ስለማይታይ ነው። ዓይን መደብዘዝ የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰው የሚሄደው ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስለጠጣው የበግ መድኃኒትም ትዝ አይለውም። ሐኪሙም ካልተነገረው አይጠረጥርም። አንዳንዱ ሰው እይታው ይመለስለታል፤ የማይመለስለትም አለ።

ካልቀመሰች እሰየው። ሆድ ሕመም ሁሉ ትል አይደለምና የሰገራ ምርመራ ታድርግ። ትል ከተገኘ ለሰው የተሠራውን ሜቤንዳዞል ወይም አልቤንዳዞል ከፋርማሲ ታገኛለች። እርጉዝ ከሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል ከጠረጠረች ግን ከመውሰዷ በፊት ትናገር፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እነዚህን መድኃኒቶች እንዲሁ አንሰጥም።