ከቤቴ ሰው ስላልሞተ ይቀነስልኝ

መልእክቱ የገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። የደሴ ብርድ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ያንኳኳል። እኔም ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ ጋደም ብያለሁ። ስልኬ ጮኸች።

"ሰላም አመሻችሁ? ልጄ በዚህ ወር 6 ቀን ብቻ ስለተማረ የድርሻዬን 500 ብር ለአስጠኚው በቴሌብር ልኬያለሁ። አብሽሩ።"

አብሽሩ! ወሎ ውስጥ ይቺ ቃል የማትሠራው ሥራ የለም። ለታመመ አብሽር፣ ለከሰረ አብሽር፣ ላዘነም አብሽር። ሰው ኪስ ውስጥ 500 ብር ጉድጓድ ቆፍሮ አብሽር ማለት ግን እኔ አላየሁም። እንቅልፌ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ወላጆች ነን። ልጆቻችን ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ሒሳብ የሚያስጠናቸው ልጅ እግር መምህር ቀጠርን። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ከሮቢት ተነስቶ ሆጤ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። በወር 12 ቀን፣ 4000 ብር። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 1000 ብር።

ስንጀምር አንድ የምወደውን ተረት ተርቼ ነበር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ባለ ሱቁማ "ልክ ነህ ወንድምዓለም" ብሎ ቡናውን ደገመ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አንድ የማይነግረን ነገር ግን አለው። ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ሎሚውን አስቀምጦ ቢሄድ ሎሚው የት ይገባል? መሬት ላይ አይቀርም። ሳይቀር የመጣው ሰው ጫንቃ ላይ ይወጣል።

ይህን የተማርኩት ከአስጠኚ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነው። ወንደላጤ ሳለሁ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ እኖር ነበር። አከራያችን ሒሳቡን የሚያካፍሉት በአምፖል ቁጥር ነው። አንድ አምፖል አለህ፣ የአንድ አምፖል ትከፍላለህ። እኔ አንድ ነበረኝ። ጎረቤቴም አንድ ነበራት። በመጋረጃዋ ጀርባ ግን ምጣድ አለ። ሌሊት ሌሊት የእንጀራ ሽታ ግቢውን ያጥነዋል፤ ጠዋት ብትጠየቅ "ኧረ እኔ አምፖሌም አንዳንዴ ነው የምትበራ" ትላለች። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። የእኔዋ አምፖል 60 ዋት ናት። ሃምሳ አምፖል በአንድ ምጣድ! እኔ በጨለማ እየቆጠብኩ የሷን እንጀራ ስጋግር ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ አላቀመሰችኝም። ሃያ ዓመት አለፈው፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ወደ አስጠኚው ልመለስ። 500 ብር ልኬያለሁ ያለችን ሴትዮ የሠራችው ሒሳብ ሲያዩት ንጹሕ ነው። 12 ቀን 1000 ብር ከሆነ፣ 6 ቀን 500 ብር። ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጇ ራሱ አያርማትም። እስቲ ሁላችንም እንደሷ እናስላ ብዬ ተነሳሁ፤ መብራት አብርቼ ደብተር አወጣሁ። የኔ ልጅ 12 ቀን ተማረች፣ 1000። የባለ ሱቁ ልጅ 10 ቀን፣ 833። የሷ ልጅ 6 ቀን፣ 500። የባለ ባጃጁ ልጅ 4 ቀን፣ 333። ድምሩ 2666 ብር። መምህሩ ግን 12 ቀን ሙሉ መጥቶ አስተምሯል። የጎደለውን 1334 ብር ማን ይከፍለዋል? ራሱ አስጠኚው? ልጇ የቀረ ቀን እሱ ከሮቢት የመጣው በግማሽ እግሩ ነው እንዴ?

እኛ የገዛነው የልጅ መገኘት አይደለም። የሰውዬውን ሰዓት ነው የገዛነው። ሰዓቱ አንድ ልጅ ቢቀመጥበትም አራት ያው ነው።

የወሎ ሰው ይህን አጥቶት አይደለም። ቅሬ አለን፤ አዲስ አበቤ እድር የሚለውን ማለቴ ነው። "በዚህ ወር ከቤቴ ሰው ስላልሞተ መዋጮዬ ይቀነስልኝ" ብሎ ለቅሬው ዳኛ ያመለከተ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም ቀብር የቀረ ይቀጣል። እኛ ጋ የቀረው ቅናሽ ይጠይቃል።

"እሺ፣ ጠቅላላው በተገኙበት ቀን ይካፈል" ያለኝ ባለ ሱቁ ነው፤ በማግስቱ። አሰላነው። አራቱ ልጆች የተገኙበት ቀን ሲደመር 32 ነው። 4000ን ለ32 ብናካፍል ለአንድ ቀን 125 ብር። ለመምህሩ ሞላ። ግን የኔ ድርሻ 1500 ሆነ! ልጄ ባለመቅረቷ 500 ብር ተቀጣሁ። የሌላ ሰው ልጅ በቀረ ቁጥር የኔ ዋጋ ይጨምራል። ገንዘብ ለመቆጠብ ልጄን ሳል ይዟታል ብዬ ማስቀረት ሊኖርብኝ ነው።

በሌላ በኩል፣ እውነቱን ለመናገር፣ 4 ቀን የተማረችዋን ልጅ አባት እንደኔ 1000 ክፈል ማለትም ከብዶኛል። ከቀረችባቸው ቀኖች አንዱ የማካካሻው ነው። መምህሩ አንድ አርብ ቀርቶ በእሁድ ጠዋት ተካ፤ ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቀኑን የቀየርነው እኛ፣ ቀሪ የተባለችው እሷ። እንዲህ ያለው ቀን እንደተገኘች ይቆጠርላት ወይስ ይለፍ? ለጊዜው ባለበት ተውነው።

በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ አልን። ግማሹ 2000 ብር የወንበር ነው፤ ልጁ መጣም ቀረም ከእያንዳንዳችን 500። ሌላው 2000 በተገኙበት ቀን ይካፈላል፤ ለ32 ሲካፈል ለቀኑ 62 ብር ከ50። እኔ 1250፣ ባለ ሱቁ 1125፣ እሷ 875፣ ባለ ባጃጁ 750። ልክ 4000። እኔ አሁንም ከሁሉም በላይ እከፍላለሁ፤ ልጄም ከሁሉም በላይ ተምራለች፤ ይሁን። ማን መጣ ማን ቀረ የሚለውን መምህሩ በየቀኑ ይጽፋል እንጂ ወላጅ ወር መጨረሻ ላይ ከጭንቅላቱ አያመጣም። ወር ሙሉ የሚቀር ልጅ ካለ ደግሞ ወሩ ሳይገባ ይነገር፤ ሦስታችን 1333 ብር ችለን እንደምንቀጥል ወይም እንደምንተው አስቀድመን እንወቅ።

ይህንኑ ጽፌ ለሦስቱም ላክሁ። የዚህን ወር የጎደለ 500 ብር ግን መምህሩ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ምጣዷ ትዝ አለችኝ።

ሴትየዋ መልእክቱን አንብባዋለች፤ መልስ የለም። ባለ ሱቁ "ተስማምቻለሁ" አለ። ባለ ባጃጁ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ልጆቹ በሰኔ ተፈትነው እንደሚጨርሱ እያወቀ፣ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

"ጥሩ ነው። ጳጉሜ ግን እንዴት ነው የምትታሰበው?"