«ጥገና» የሚለውን ቃል ለጊዜው እንተወው

«የፋሲል ግቢ ግንብ በሲሚንቶ ቢሞላ ተጠገነ ይባላል? ወይስ ክርክራችን የቃላት ብቻ ነው?»

አንዱ «እዚህ ጥገና የምለው ከመፍረስ የሚያድንን ሥራ ሁሉ ነው» ካለ የቃል አጠቃቀም ስምምነት አቀረበ እንጂ ሐሰት አልተናገረም፤ በትርጉሙ እስከ መጨረሻው ይጽና። «እውነተኛ ጥገና በኖራ ብቻ ነው» የሚለው ግን የቃሉን ክብር ይዞ ይዘቱን ለወጠ፤ ኖራን ብመርጥም ይህ ማስረጃ አይሆንም። ቃሉን ትታችሁ ጠይቁ፦ ሲሚንቶ ድንጋዩን ምን ያደርገዋል? ሁለቱም «እርጥበት ያፍናል፣ ድንጋዩን ይጎዳል፣ በኖራ ይተካ» ካሉ ጠባቸው የስያሜ ነበር። አንዱ «አይጎዳም» ካለ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የሚፈታውም ግድግዳውን በመመርመር ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በግንቡ የገባው ሲሚንቶም ኋላ በኖራ ተተክቷል።