ባለ አራት ዓይኑ ስልኬ

ሻጩ «አራት ካሜራ አለው» ሲለኝ አምኜ ገዛሁት። ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና ይዤ ተቀምጬ፣ አጠገቤ አበባ ላይ ጥንዚዛ አረፈች። ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳውን ማክሮ ካሜራ ከፈትኩ። ባለ 2 ሜጋፒክስል ነው። ፎከሱም የተቆለፈ ስለሆነ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ብቻ ነው የሚጠራው። ሳስጠጋው ይደበዝዛል፣ ሳርቀውም ይደበዝዛል። ርቀቱን ሳገኝ ደግሞ የስልኬ ጥላ አበባውን አጨለመው። ጥንዚዛዋም ሰልችቷት መሰለኝ በረረች።

በንዴት አበባውን በዋናው ባለ 50 ሜጋፒክስል ካሜራ ትንሽ ራቅ ብዬ አነሳሁና ዙሪያውን ቆረጥኩት። ብናኙ ሳይቀር ይታያል! ታዲያ ማክሮው ለምን ተገጠመ? ለቁጥር ነዋ።

ዙሙማ አይወራ። ሐይቁ ላይ ያለውን ታንኳ 10 እጥፍ ሳቀርበው የውሃ ቀለም ሥዕል መሰለ። እያቀረብኩ ዋናውን ሌንስ በጣቴ ብሸፍነው ስክሪኑ ጨለመ። ሩቁን የሚያቀርብ ቴሌፎቶ የሚባል ሌንስ የለውም፤ የዋናውን ምስል ቆርጦ ይለጥጣል።

አልትራዋይዱን ግን አልሰድበውም። ጥግ ጥጉ ቢደበዝዝም፣ ማታ ባይረባም፣ በቀን ሐይቁን ከነዳርቻው ያስገባል።

አራተኛው በፖርትሬት ፎቶ ጀርባውን ለማደብዘዝ ርቀት የሚለካ የዴፕዝ ካሜራ ነው አሉኝ። በጣቴ ሸፍኜው ፖርትሬት አነሳሁ። ልዩነቱን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።