ገጭቶ ያመለጠውን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

«አዳማ ነው የምኖረው። ፍራንኮ አካባቢ ያቆምኳትን ቪትዝ ሌሊት አንድ መኪና ገጭቷት ጠፋ። ሰሌዳውን ያየ ሰው የለም። ኢንሹራንስ አለኝ፣ ይከፍሉኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውልህን አውጣና እየው። ያለህ የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለቪትዟ ምንም አታገኝም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ስቲከር አንተ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ስታደርስ የምትሠራ ናት። የመድን ፈንድም ቢሆን ገጪው ሲያመልጥ ወይም ኢንሹራንስ ሳይኖረው ሲቀር የሚደርሰው ለሞተና አካሉ ለተጎዳ ሰው ነው፤ የተጨፈለቀ ፓራፋንጎ አይከፍልም።

ሙሉ ሽፋን ካለህ ግን ግጭት ግጭት ነው፣ ገጪው ቢታወቅም ባይታወቅም ድርጅቱ ያሠራልሃል። ችግሩ «ሙሉ» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚህ ቃል ተማምኖ ቁጥሩን ሳያይ ይፈርማል።

እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ጠዋት ስወጣ የኋላ መብራቱ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ በሩ ገብቷል፣ ጠርዙ ላይ የሌላ መኪና ነጭ ቀለም ተለጥፏል። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን አነሳ፣ ሪፖርት ሰጠኝ። ከዚያ ጋራዥ፣ ፕሮፎርማ፣ ከድርጅቱ የመጣ መርማሪ። የጥገናው ዋጋ 200,000 ብር ተባለ። እኔ እጄን አጣጥፌ ሙሉውን እጠብቃለሁ። የተነገረኝ ግን 110,000 ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መኪናዋን ስገዛት ኢንሹራንስ ያስገባኋት በ900,000 ብር ነበር፣ በየዓመቱም ያንኑ ቁጥር እያደስኩ ቀጠልኩ፤ ዓረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ብዬ ነው፣ ልደብቅህ አልፈልግም። አደጋው በደረሰ ቀን ግን የገበያ ዋጋዋ 1,500,000 ደርሶ ነበር። እንግዲህ ያስገባሁት የዋጋዋን 60 በመቶ ነው፣ የሚከፈለኝም የጉዳቱ 60 በመቶ፣ 120,000 ማለት ነው። ከዚያ ላይ በውሉ ውስጥ የራሴ ድርሻ ተብሎ የተጻፈው ኤክሰስ 10,000 ተቀነሰ። ቀሪው 90,000 ከኪሴ ወጣ። መኪናዬ ብትሰረቅ ደግሞ ከ900,000 በላይ አላይም ነበር። ይህ የድርጅቱ ተንኮል አይደለም፣ የንግድ ሕጉ የሚለው ነው። ግን ውል ሲታደስ «የመኪናህ ዋጋ ጨምሯል፣ ይህ ቁጥር አያዋጣህም» የሚል አንድ ሰው እንኳን አለመኖሩ ያናድደኛል። ገንዘብ ሲቀበሉ ሁለት ደቂቃ ማስረዳት ግዴታ መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ካሳ ካልጠየቅክ በየዓመቱ የሚቀነስልህ የኖ ክሌም ቅናሽ፣ ጥፋቱ የአንተ ባይሆንም ሊቀርብህ ይችላል። ገጪው ቢታወቅ ድርጅቱ የከፈለውን ከእሱ ያስመልስ ነበር፤ ሰውየው ካመለጠ ግን ከማን ይጠይቃል? ይሄ ቆሞ የተገጨን ሰው መቅጣት ነው ባይ ነኝ፤ የፖሊስ ሪፖርት ያለው ሰው ቅናሹ ሊነካበት አይገባም። ስለዚህ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ከማመልከትህ በፊት ኤክሰሱንና የሚቀርብህን ቅናሽ ደምረህ አስላ።

ገጪው ቆሞ ኢንሹራንስ ከሌለው ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። መብራት ኃይል ጋር ባጃጅ ገጨህ እንበል፣ ልጁ ይለማመጥሃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ «በሽማግሌ ይለቅ፣ 15,000 ይክፈልህ» ይባላል፣ አንተም ታዝንና ትፈርማለህ። በማግስቱ ጋራዡ 80,000 ሲልህ ወደ ኢንሹራንስህ ትሄዳለህ። አበቃ። ድርጅቱ ከፍሎልህ በአንተ ቦታ ልጁን የመጠየቅ መብት ነበረው፣ አንተ ግን በፊርማህ ዘጋኸው፤ ሕጉም በዚህ ምክንያት አልከፍልም እንዲል ይፈቅድለታል። እዘንለት፣ ውኃም አጠጣው፣ ድርጅትህ ሳያውቅ ግን አትፈርም።

የራስህን አካል በተመለከተ፣ ሙሉ ሽፋን የሚባለው በዋናነት ለመኪናዋ ነው። ለሹፌሩና ለተሳፋሪ የሚሆነው ለብቻው የሚጨመር ነው፣ ውልህ ላይ ካልተጻፈ የለህም።

አሁን የአንተን እንጨርስ። መኪናዋን ሳታንቀሳቅስ ፎቶ አንሳ፣ የተበተነውን መብራት ስብርባሪ በፌስታል አስቀምጥ፤ ከአንተ መኪና ያልሆነ ቁራጭ ከተገኘበት የገጪው መኪና ዓይነት ይታወቃል። አካባቢው ላይ ካሜራ ያለው ሱቅ ካለ ቅጂው ሳይጠፋ ዛሬውኑ ጠይቅ። ለድርጅትህ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቅ፣ የንግድ ሕጉ የሰጠህ ጊዜ ያ ነው። ሲቀበሉህም ቅጂህ ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ።