የአስጎብኚው ደብተርና የዱቄት ፋብሪካው ማስታወቂያ

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቱሪስት ሳስጎበኝ ኖሬ የዱቄት ፋብሪካ የሥርጭት አስተባባሪ ለመሆን ምን ችሎታ አለኝ ብዬ ልጻፍ?»

ጠያቂው የእህቴ ልጅ ነው። ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 ደግሞ ጦርነቱ እንግዳውን ካራቀው ወዲህ ገቢው ተመናምኖበታል። የጻፈውን ማመልከቻ ሰጠኝ፤ «ልምድ ያለኝ አስጎብኚ፣ ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» ይላል። ልቤ አዘነ፤ እኔም አሜሪካ ከሆስፒታል ወጥ ቤት ወደ ሕክምና ዕቃ መጋዘን ለመዛወር ስሞክር የጻፍኩት ይህንኑ ነበርና። ማንም አልጠራኝም። በኋላ «የመጠቀሚያ ቀኑ ቶሎ የሚያልፍበትን ዕቃ አስቀድሜ አወጣለሁ፤ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየፈረቃው እመዘግባለሁ» ብዬ ስጽፍ ግን ጠሩኝ፤ መድኃኒት የሚይዝ መጋዘንም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻውን አስቀምጠን የድሮ የጉዞ ደብተሩን እንዲያመጣ ጠየቅሁት። አንድ ጉዞ መረጥን፤ 12 እንግዶች፣ አራት ቀን፣ የሰሜን ተራሮች። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና፣ ከዚያ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ደብተሩ ላይ የበቅሎዎቹ ቁጥር፣ እንግዳውን የሚያጅቡት የፓርኩ ጠባቂዎች የስካውቶቹ፣ የወጥ ቤቱ ስንቅ፣ ለእያንዳንዱ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ተጽፏል። «በዚህ ጉዞ ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር?» አልኩት።

«ግጭ ላይ አንዲት እንግዳ ታመመች» አለኝ። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ከከፍታው የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚበጀው ቶሎ ዝቅ ማለት ነው። የመኪናው መንገድ በሳንካበር አልፎ ጨነቅ ይደርሳል፤ ግጭ ግን አይገባም። እርሱ ይህን አስቦ፣ እንግዶቹ ግጭ በሚያድሩበት ሌሊት ሾፌሩ ወደ ጨነቅ እንዳያልፍ፣ ሳንካበር እንዲያድር አስቀድሞ አዝዞ ነበር። ታማሚዋን በአንድ ስካውትና በአንድ በቅሎ ወደ ሳንካበር አወረዳት፤ የበቅሎዋን ጭነት ለሌሎቹ አከፋፈለ፤ የቀሩትን 11 እንግዶች በዕለቱ ጨነቅ አደረሰ።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው። ከዓረፍተ ነገሩ የሙያውን ስሞች፣ በቅሎን፣ ስካውትን፣ ግጭን አውጣ። የቀረው ትርጉም ካለው ችሎታው አብሮህ ይሻገራል። ምንም ካልቀረ የሙያ ዕውቀት ነበር፤ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሠረተ ብሎ ማስረዳት ለዱቄት ሥርጭት አይጠቅምም። የቀረው ደግሞ ማንም ሰው ሊለው የሚችል ከሆነ፣ «ታታሪ ነኝ» እንደማለት፣ ጭራሹን አይጻፍ። የግጩ ታሪክ ሲፈተን እንዲህ ሆነ፦ «መንገዱ የሚቋረጥበትን ቦታ አስቀድሜ ለይቼ መጠባበቂያ መኪና አቆማለሁ፤ ጭነት ሲጎድል ወይም ሲተርፍ በዚያው ቀን ደልድዬ ቀጠሮ አከብራለሁ።» ከሥሩም ማስረጃው በአንድ መስመር ገባ፦ የ12 ሰው ጉዞ፣ አንድ ሕመምተኛ፣ የተቀሩት በዕለቱ መድረሳቸው።

አንዱን ትልቅ ችሎታ ግን ራሱ ፈጽሞ አልቆጠረውም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የቅድሚያ ክፍያ ይወስድ፣ ሲመለስ በደረሰኝ ያወራርድ ነበር። ደረሰኝ የሌለው በቅሎ ነጂ ሲያጋጥመው በምስክር አስፈርሞ ይይዛል። «ይህ እኮ የግዴታ ነው» አለኝ። ፋብሪካው ከሾፌሮቹ የነዳጅና የአበል ሒሳብ የሚያወራርድ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ተጽፏል! ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ችሎታ አይለውም፤ እዚያም እዚህም ያየሁት ይህንኑ ነው።

የማያውቀውንም ለይተናል። ቢን ካርድ ሞልቶ አያውቅም፤ የመጋዘን ገቢና ወጪ አልመዘገበም። ይህን በሚያውቀው መሸፈን አይገባውም፤ ሲጠየቅ «አልሠራሁበትም፤ የምቀርበው በሒሳብ ማወራረድ ነው» ቢል ይሻለዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ባለሁበት ቃለ መጠይቁ «እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞህ ምን አደረግህ?» ስለሚል ታሪኩ ራሱ በር ይከፍታል። ጎንደር ግን መጀመሪያ የሚታየው ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሥራ መደቡ «አስጎብኚ» ብቻ ከሆነ፣ «አግባብነት ያለው ልምድ» የሚለውን መስፈርት አያልፍምና ታሪኩን የሚሰማው አይኖርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። «የሥራው ዓይነት» የሚለው ቦታ ነው እንግዲህ የእኛ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመት በቅጥር የሠራበት የጉዞ ድርጅት የጻፈለት ደብዳቤ አንድ ቃል ብቻ ነበረው። ትናንት ደብተሩን ይዞ ተመልሶ ሄዷል፤ ከመደቡ ስም ሥር «የጉዞ ስምሪትና የቅድሚያ ክፍያ ሒሳብ ማወራረድ» የሚለው እንዲጨመርለት ለመጠየቅ።