«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ የተቃጠለው ምጣድ ክርክር

ጠያቂዋ፦ «ጎንደር አራዳ ገበያ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ6,500 ብር ገዛሁ። በዘጠነኛው ቀን እየጋገርኩ ሳለ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አይሞቅም። የሰፈር ባለሙያ ከሥር ፈትቶ አየውና ሽቦው ከመገጣጠሚያው ላይ ተቃጥሏል አለኝ። የዚያኑ ዕለት ለባለሱቁ ብነግረው ‹መብራት ነው ያቃጠለው፣ ደግሞም ደረሰኙን አንብቢው› አለኝ። ደረሰኙ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ማኅተም አለ። ጀርመን ያለችው እህቴ ግን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መመለስ መብትሽ ነው ትላለች። ዛሬ ከገዛሁ 13ኛ ቀን ነው። ማነው ልክ?»

በዚህ ላይ የጎንደር የቤት ዕቃ ነጋዴ እና አንዲት ጠበቃ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ነጋዴው ምጣዱን የሸጡት ሰው አይደሉም። ያው ማኅተም ግን እሳቸውም ሱቅ አለ።

ነጋዴው፦ እኔ ማኅተሙን ያስቀረጽኩት ለክፋት አይደለም። ወንድሜ ልብስ ይሸጣል። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ቀሚስ ይሸጥና በማግስቱ «ጠበበኝ» እየተባለ ይመለስለታል። ቀሚሱ ግን ታቦት ሸኝቶ፣ ፋሲል መዋኛ ጠበል ተረጭቶ ነው የሚመጣው። ይሄን ተቀበል ከተባለ ሱቁን መዝጋት ይሻላል። የእህቷ የጀርመን ሕግ እዚህ ቢመጣ አንድም ነጋዴ ከጥምቀት አያልፍም።

ምጣዱም ቢሆን እንደዚያው ነው። ገዢዋ አይታ፣ ተከራክራ፣ ዋጋ አስቀንሳ ነው የወሰደችው። ተዋዋይ ወገኖች ዋስትናን በስምምነት መቀነስም ማስቀረትም እንደሚችሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ይሄን ጠበቃ ነው የነገረኝ። ታዲያ ምኑ ነው ነውሩ?

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ስለ ቀሚሱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሱቅ ገብቶ፣ አይቶና ለክቶ የገዛ ሰው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ብሩን እንዲቀበል የእኛ የሸማቾች አዋጅ አያስገድድዎትም። የጀርመኗ እህትም ግማሹን ነው የነገረቻት። የአውሮፓው የ14 ቀን መብት በኢንተርኔት፣ በስልክ፣ ወይም ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሸጠው ዕቃ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገዢው ዕቃውን በእጁ አልነካውም፣ ወይም ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ተይዞ ነው የገዛው። በርሊን ውስጥ ሱቅ ገብታ ጫማ ብትገዛ ሕጉ ያንን መብት አይሰጣትም። ብዙ ሱቆች የሚቀበሉት ደንበኛ ላለማጣት ነው። በልክ የተሰፋ ቀሚስ ደግሞ በኢንተርኔት ቢታዘዝም ከዚያ መብት ውጭ ነው። ስለዚህ በጥምቀቱ ቀሚስ አያስፈራሩን።

ምጣዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠያቂዋ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ምጣዱ ነው ያልጋገረው። ያው የሸማቾች አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚምታታው። የአውሮፓው 14 ቀን ምክንያት አይጠይቅም፣ የእኛው 15 ቀን ግን ጉድለት ይጠይቃል። ቁጥሮቹ ተቀራረቡና እህትማማቾቹ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ መሰላቸው።

ነጋዴው፦ እሺ፣ 15 ቀኑን ልቀበል። ውሉንስ ምን ልታደርጊው ነው? ማኅተሙ ደረሰኙ ላይ አለ። እሷም ተቀብላ ሄዳለች።

ጠበቃዋ፦ ደረሰኝ መቼ ነው የሚሰጡት?

ነጋዴው፦ ሲከፈለኝ ነዋ።

ጠበቃዋ፦ እንግዲህ ውሉ ካለቀ በኋላ የመጣ ማኅተም ነው። ዋጋ ተስማምታችኋል፣ ብሩን ቆጥረዋል፣ ምጣዱም በጋቢ ተጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በወረቀት ጀርባ «መብትሽ ቀርቷል» ቢባል ማን ተስማማ ይባላል? ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም ቀለሙ ስላልወደድኩት ልመልስ ለሚለው ሰው መልስ ይሆናል እንጂ ለተበላሸ ዕቃ አይሠራም። አዋጁ ለሸማቹ የሰጠውን መብት ሻጩ በማኅተም ቢሰርዝ አዋጁ ለምን ወጣ?

ጠበቃዎ የነገርዎት ሐሰት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ዋስትናን እንዲቀንሱ ይፈቅዳል። ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ያ ቃል ዋጋ የለውም። እሱ ሕግ ሲጻፍ ደግሞ ሁለት ወገኖች ቁጭ ብለው የሚዋዋሉትን ነው በዋናነት ያሰበው። ጎማ ማኅተም ላይ ማን ቁጭ ብሎ ይዋዋላል?

እንዲያውም ከማኅተሙ ይልቅ የሚያናድደኝ የዋስትና ካርዱ ነው። «የአንድ ዓመት ዋስትና» ብሎ ይጀምርና በደቃቅ ፊደል «ሬዚስታንሱንና ገመዱን አይጨምርም» ይላል። ከምጣድ ላይ ሬዚስታንሱንና ገመዱን ካወጡ የቀረው ሸክላና ቆርቆሮ ነው። ለሸክላ ነው ዋስትና የሰጡት?

ነጋዴው፦ ካርዱን የሚያትመው አምራቹ ነው፣ እኔን አትዪኝ። አሁን ወደማውቀው ልምጣ። አንቺ ጉድለት ጉድለት ትያለሽ፤ ምጣድ የሚቃጠለው ግን በሦስት ቦታ ነው፤ ቦታው ደግሞ ጥፋተኛውን ይናገራል።

ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ይሄ ቀላል ጭነት አይደለም። ሰዎች በቀጭን ማራዘሚያ ይሰኩታል፣ የላላ ሶኬት ላይ ይሰኩታል። እንደዚያ ሲሆን የሚቀልጠው ስፒናው ነው፤ ይሄ የቤቱ ጥፋት ነው፣ እኔ አልከፍልበትም። ሁለተኛው ሸክላው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ መሃል ላይ ሲበጠስ ነው። ይሄ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዘሎ ከሆነ ይከሰታል። ሽቦው ራሱ መናኛ ከሆነም ይከሰታል። ሦስተኛው ከሥር፣ ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ነው። ብሎኑ ሲላላ እዚያ ላይ ብቻ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። ይሄኛው የገጣጣሚው ጥፋት ነው። ለሰው ባልናገረውም አውቀዋለሁ።

ጠበቃዋ፦ አሁን ተናገሩት እኮ። ጠያቂዋ «ከመገጣጠሚያው ላይ» ነው ያለችው።

ነጋዴው፦ እሱን ያየው የሰፈር ባለሙያ ነው። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ምጣዱን ፈትተውታል። ከፈቱት በኋላ ብሎኑ ከፋብሪካ የላላ ይሁን ባለሙያው ያላላው በምን ይታወቃል? እኔ ሻጩ ብሆን አልቀበልም። ጠያቂ ነው የሚያስረዳው ይላል ሕጉ። ይሄንንም ከጠበቃ ነው የሰማሁት።

ጠበቃዋ፦ ይሄኛው ጠንካራ ነው፣ አልክድም። አዋጁ ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት እንደነበረ ማን ያስረዳል የሚለውን ለይቶ አልመለሰም። ስለዚህ ወደ ተራው ደንብ እንሄዳለን፤ ይሄ ደግሞ ለሸማቹ ከባድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ዕቃው በተረከቡ በመጀመሪያው ዓመት ከተበላሸ ጉድለቱ ድሮም እንደነበረ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ሻጭ ነው የሚያስረዳው። የጀርመኗ እህት ትክክለኛውን ቅናት ብትቀና በዚህኛው ነበር።

ቢሆንም ጠያቂዋ ባዶ እጇን አይደለችም። በዘጠነኛው ቀን፣ በተበላሸበት ዕለት ነግራዋለች። የጠቆረ ብሎን ደግሞ ዛሬ ተፈትቶ ዛሬ አይጠቁርም፤ ለቀናት ሲግል የኖረ ነገር መልኩ ያስታውቃል። ሻጩ «መብራት ነው» ካለ ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። መብራት ዘሎ ከሆነ በዚያች ሰዓት ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሉ ምን ሆነ? የጎረቤትስ? ምጣዱ ብቻውን ከተቃጠለ ወሬው ይላላል።

ነጋዴው፦ እሱ ልክ ነው። መብራት ወረደ የሚሉም አሉ፣ ሲወርድ ግን ምጣድ አይቃጠልም። 180 ቮልት ላይ ሙቀቱ ከሦስት ሁለት እጅ ገደማ ይሆንና እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ በቃ። ቢሆንም እታለም፣ ወደፊት የሚገዛ ሰው ከመፍታቱ በፊት ሻጩ ፊት ያምጣው። ሱቅ ውስጥ ሁለታችን እያየን ቢፈታ እኔ ራሴ አልከራከርም።

ጠበቃዋ፦ በዚህ ተስማምተናል። ለጠያቂዋ ደግሞ ልናገር፤ ጊዜ የለሽም። ቀኑ የሚቆጠረው ከተበላሸበት ሳይሆን ከተገዛበት ነው። በቃል ነግረሽዋል፣ ግን በኋላ ካደ ምን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ? ዛሬውኑ አንድ ገጽ ጻፊ። የገዛሽበት ቀን፣ ዋጋው፣ የተበላሸበት ቀን፣ «ይለወጥልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ» የሚል ይኑረው። ሁለት ቅጂ አድርጊና አንዱ ላይ አስፈርሚ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘሽ ስጪው። የብሎኑን ፎቶ አንሺ፣ ምጣዱን ከእንግዲህ አታስነኪ። እምቢ ካለ ደረሰኙንና ደብዳቤውን ይዘሽ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂጂ። 15 ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ሁሉም ነገር አያልቅም። የፍትሐ ብሔሩ ዋስትና አለ፤ እዚያ ግን መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፣ ቶሎ አላሳወቅሽም የሚል መከራከሪያም ይመጣብሻል።

ነጋዴው፦ አንድ ነገር ዘለልሽ። በቴሌግራም የሚገዛውስ? አሁን ወጣቱ ፎቶ አይቶ፣ በቴሌብር ከፍሎ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣል። እኔ ሱቅ ከፍቼ ግብር እየከፈልኩ 15 ቀን ስጠየቅ እሱ ስልኩን ይዘጋል።

ጠበቃዋ፦ ሐሳብ የመቀየሪያ መብት በእውነት የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ፎቶ አይነካም። በ2012 የወጣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ አለ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ እሱም አብሮ ይነበባል። ግን አድራሻው የማይታወቅ ሻጭ ላይ አዋጅ ብንቆልልበት ምን ይሆናል? መልሱንስ በአውቶቡስ የሚልከው ማን ይክፈል? አውሮፓ ውስጥም ሻጩ ካልተስማማ በቀር ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ነው የመመለሻውን የሚከፍለው። ከጎንደር አዲስ አበባ የምጣድ ጭነት ከፍሎ የሚመልስ ሰው ስንት ነው?

ነጋዴው፦ እኔም የምለው እሱን ነው። አሁን ያ ባለሱቅ ለጠያቂዋ ምጣድ ቀየረላት እንበል። የተቃጠለውን ለማን ይመልሳል? መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ለእኛ ደረሰኝ የሚሰጠን ስንፈልግ ሳይሆን እሱ ሲፈልግ ነው።

ጠበቃዋ፦ ያ የእርስዎና የጅምላ ሻጩ ጉዳይ ነው፤ ገዢዋ የምትሸከመው አይደለም። ያለ ደረሰኝ አይግዙ።

ነጋዴው፦ በደረሰኝ የሚሸጥልኝን አሳዪኝና ነገውኑ ማኅተሙን እወረውራለሁ።