ከማዳበሪያው የበለጠው የሞባይል ዓምድ

«ጋሼ፣ የማዳበሪያውና የምርቱ ኮሬል 0.99 ከመጣ፣ ማዳበሪያው ምርቱን አሳደገው ብሎ ለመጻፍ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ጠያቂው በምዕራብ ጎጃም በአንድ በቆሎ አብቃይ ወረዳ የሚሠራ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነው።

ብዙ ማስረጃ ይፈለጋል። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ከተሸከመው በላይ እንዲናገር እየተገደደ ነው። በኤክሴል ላይ CORREL የሚባለው ቀመር ሁለት ዓምዶችን ተቀብሎ የቁርኝታቸውን ልክ የሚያሳይ ከ-1 እስከ 1 ያለ አንድ ቁጥር ይመልሳል። በየረድፉ የተጻፈው ዋጋ ከዓምዱ አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ያያል፤ አንዱ ከአማካዩ በላይ ሲሆን ሌላውም በላይ፣ አንዱ በታች ሲሆን ሌላውም በታች እየሆነ ከሄደ መልሱ ወደ 1 ይጠጋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ ወደ -1 ያዘነብላል። ዓምዱ የዩሪያ ይሁን የበግ ዋጋ ቀመሩ አያውቅም፤ የቱ እንደቀደመና የቱ እንደተከተለም አይጠይቅም። የሁለቱን ዓምዶች ቦታ ብንለዋውጥ መልሱ ቅንጣት አይለወጥም። ማዳበሪያ በቆሎን ያሳድጋል ማለትና የበቆሎ ምርት የማዳበሪያ ግዢን ያሳድጋል ማለት በቀመሩ ዘንድ አንድ ናቸው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ስንት ኩንታል በቆሎ እንደሚጨምርም አይናገርም፤ 0.99ን «99 በመቶ» ብለው የሚያነቡት ሰዎች ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለማሳያ ብቻ የተዘጋጀ፣ የየትኛውም ወረዳ ያልሆነ የ8 ዓመት ሰንጠረዥ እንውሰድ። ማዳበሪያው የተሠራጨው ጠቅላላ መጠን በሺህ ኩንታል፣ ምርቱ ከአንድ ሄክታር የተገኘው ኩንታል፣ የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ሞባይል ያላቸው አባወራዎች ብዛት በመቶዎች ነው።

| ዓመት | ማዳበሪያ | ምርት | ሞባይል |
|---|---|---|---|
| 1ኛ | 20 | 28 | 6 |
| 2ኛ | 23 | 30 | 9 |
| 3ኛ | 25 | 31 | 11 |
| 4ኛ | 29 | 33 | 15 |
| 5ኛ | 31 | 36 | 18 |
| 6ኛ | 35 | 37 | 20 |
| 7ኛ | 36 | 39 | 24 |
| 8ኛ | 41 | 42 | 27 |

ዓመቱ በA፣ ማዳበሪያው በB፣ ምርቱ በC፣ ሞባይሉ በD ዓምድ ቢገቡና አርዕስቱ የመጀመሪያውን ረድፍ ቢይዝ፣ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=CORREL(B2:B9,C2:C9)
=CORREL(D2:D9,C2:C9)
```

የመጀመሪያው 0.992 ይመልሳል፤ ሪፖርት ላይ ቢሰፍር ማንንም ያስደስታል። ሁለተኛው ግን 0.996 ነው። ሞባይሉ ከማዳበሪያው በለጠ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ተማምኖ ማዳበሪያው ምርቱን አሳደገ ብሎ የጻፈ ሰው በሁለተኛውም ተማምኖ ለገበሬው ከዩሪያ ይልቅ ስልክ ይከፋፈልለት ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። እንዲህ የሚል ሰው የለም፤ የማይለውም ቀመሩ ስለከለከለው ሳይሆን በቆሎ በስልክ እንደማይበቅል ከቀመሩ ውጭ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን እንድናምን ያደረገን 0.992 ሳይሆን ስለ ማዳበሪያ ቀድሞ የነበረን እምነት ነበር። ቁጥሩ የገባው እምነቱን ለማስጌጥ ነው።

ሦስቱም ዓምዶች አብረው የወጡት ሦስቱም ከዓመት ዓመት ስለሚጨምሩ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ሊጨምር ይችላል፦ የምርጥ ዘር ሽፋን፣ በመስመር የሚዘራው መሬት፣ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ፣ የአራሙቻ ቁጥጥሩ። ለስምንት ዓመት ያለማቋረጥ የሚያድግ ማናቸውም ነገር ለስምንት ዓመት ያለማቋረጥ ከሚያድግ ከማናቸውም ነገር ጋር ሲተያይ ከ0.9 በላይ መምጣቱ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የተለካው በአብዛኛው የጊዜ መሄድ ነው።

ይህን ለመለየት ከባድ ስታትስቲክስ አያስፈልግም። የየዓመቱን መጠን ትቶ ከአምናው የተገኘውን ለውጥ ማወዳደር ይበቃል። በE3 እና በF3 የሚከተሉትን ሁለት ቀመሮች ጽፎ እስከ 9ኛው ረድፍ ወደ ታች መሳብ፣ ከዚያም በለውጦቹ መካከል ያለውን ቁርኝት መጠየቅ ነው፦

```
=B3-B2
=C3-C2
=CORREL(E3:E9,F3:F9)
```

የማዳበሪያው ለውጦች 3፣ 2፣ 4፣ 2፣ 4፣ 1፣ 5 ሲሆኑ የምርቱ ደግሞ 2፣ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 3 ናቸው። መልሱ 0.14 ይመጣል። ማዳበሪያው ከአምናው በብዙ የጨመረበት ዓመት ምርቱም በብዙ የጨመረበት ዓመት ይሆናል ብሎ ለመጠበቅ ይህ ሰንጠረዥ ምንም ያህል ድጋፍ አይሰጥም። ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ዓመት ማዳበሪያው በ4 ሲያድግ ምርቱ በ1 ብቻ ከፍ ብሏል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ግን ማዳበሪያው በ2 ብቻ ጨምሮ ምርቱ በ3 አድጎ ነበር። 0.992 ይህን ሁሉ ሸፍኖት ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ማዳበሪያ አይጠቅምም የሚል ሰው ቢኖር ግን ያንኑ ስሕተት በሌላ በኩል መድገሙ ነው። ሰባት ጥንድ ለውጦች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ዓመት ቢቀየር መልሱ ብዙ ይዋዥቃል። በክረምቱ መካከል ዝናብ የተቋረጠበት ወይም በረዶ የመታው ዓመት የማዳበሪያውን ጥቅም ሊሰውረው ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥር ምክንያት የለም አያሰኝም፤ ከፍተኛ ቁጥርም ምክንያት አለ አያሰኝም።

ዓመታትን ትተን የአንድ ዓመት ቀበሌዎችን ብናወዳድር የጊዜው ችግር ይቀርልናል፤ ሆኖም ሌላ ይተካበታል፤ ለጎጃም ደግሞ ይህኛው የባሰ ይመስለኛል። ዝናብ የሚበዛባቸው የአዊና የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ቦታዎች፣ ባንጃንና ጎዛምንን የመሰሉ፣ በአፈር አሲዳማነት ይታወቃሉ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ ከማዳበሪያው የሚገኘውም ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ገበሬው ኤንፒኤስ ገዝቶ ቢጨምርም የድካሙንና የገንዘቡን ያህል አያገኝም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛውን ይቀንሳል። አፈሩ ደህና በሆነበት ቀበሌ ደግሞ ማዳበሪያው ስለሚመልስለት ብዙ ይገዛል፤ ምርቱም ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ነው። የሁለቱን ዓይነት ቀበሌዎች የስንዴ ምርትና የማዳበሪያ መጠን በአንድ ሰንጠረዥ ብንደረድር CORREL ከፍተኛ ቁጥር መመለሱ አይቀርም፤ የመራው ግን በሰንጠረዡ ላይ ዓምድ ያልተሰጠው አፈር ነው። ያንን ቁጥር ይዞ አሲዳማ ወደሆነው ቀበሌ ተጨማሪ ማዳበሪያ የሚልክ ጽሕፈት ቤት መላክ የነበረበት የአፈሩን አሲዳማነት የሚቀንሰውን ኖራ ነው።

ይህን ለማወቅ መንገዱ ቀበሌዎቹን በአፈር ፒኤች ከፋፍሎ ለየብቻ ማስላት ነው። አሲዳማዎቹ ብቻቸውን፣ ደህናዎቹ ብቻቸውን ሲታዩ ቁርኝቱ ከሟሸሸ፣ የጋራው ቁጥር የተሠራው በቡድኖቹ መካከል ባለው ልዩነት ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ዓምዶች ነጥብ በነጥብ በግራፍ ማየትም ይረዳል፤ ነጥቦቹ በአንድ መሥመር መዘርጋታቸውን ትተው በሁለት ስፍራ ከተከመሩ ነገሩ ለዓይን ይታያል።

የተገላቢጦሹም መንገድ አለ። አምና ጥሩ ያመረተ ገበሬ ዘንድሮ ገንዘብ በእጁ አለ፤ ዕዳውን ከፍሎ ማዳበሪያውን በጊዜው ያነሣል። በዚህ ጊዜ ምርቱ ነው ማዳበሪያውን ያመጣው። ያ ገበሬ በጎ መሬትና በሬ ያለው፣ በሰዓቱ የሚዘራ ከሆነ ዘንድሮም ደህና ማምረቱ አይቀርም፤ ሁለቱ ዓምዶች እንደገና አብረው ይወጣሉ፤ ቀመሩም እንደገና ዝም ብሎ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል።

ስለ ዳታው አያያዝ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቁጥሩ ያልደረሰበትን ቀበሌ ቦታ ባዶ መተው ወይም «አልደረሰም» ብሎ መጻፍና 0 ብሎ መሙላት አንድ አይደሉም፤ CORREL ባዶውንና ጽሑፉን ሲዘል 0ን ግን እንደ እውነተኛ መጠን ቆጥሮ ያስገባዋል። በሁለቱም ዓምዶች 0 የተሞላባቸው ሁለት ሦስት ረድፎች ደካማውን ቁርኝት ብርቱ ሊያስመስሉት ይችላሉ።

ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር የምናውቀው ከወረዳ ሪፖርት ዓምዶች ሳይሆን ከሙከራ ማሳ ነው። እንደ አዴት ባሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት በአንድ ማሳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ቀን ተዘርቶ፣ ትንንሾቹ መደቦች ማን ማዳበሪያ እንደሚያገኝና ማን እንደማያገኝ በዕጣ ይለያሉ። ዕጣው አፈሩንም፣ የገበሬውን ገንዘብም፣ ትጋቱንም ለሁለቱም ወገን በአማካይ እኩል ያከፋፍላል፤ የቀረው ልዩነት ከማዳበሪያው የመጣ ነው ለማለት መብት የሚሰጠን ይህ ነው። CORREL ዕጣ አያወጣም፤ የወረዳው ሥርጭትም በዕጣ አልተደለደለም።

ስለዚህ ለጠያቂዬ፣ ከሪፖርትህ ቁጥሩን አውጣ አልለውም። ከ0.99 ጎን ከራሱ ሰንጠረዥ ያሰላውን የለውጦቹን ቁርኝት ያስፍር፣ ማዳበሪያው በምን መመዘኛ ለማን እንደተደለደለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጽ፣ «ማዳበሪያው ምርቱን አሳደገው» የሚለውንም «በእነዚህ ዓመታት ማዳበሪያውም ምርቱም ጨምረዋል» ብሎ ያርመው። በግምገማው ላይ አንዳንድ ኃላፊዎች ይህ አጻጻፍ ለስኬት ሪፖርት የደበዘዘ ነው ሊሉት ይችላሉ፤ ሰንጠረዡ የሚሸከመው ግን እስከዚህ ድረስ ነው። ለከርሞ የቀበሌዎቹን የአፈር ፒኤች የሚይዝ አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ስለ ማዳበሪያውም ስለ ኖራውም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል።